ማይክሮስኮፑ ወይስ ቢሮው?

ሰሞኑን በክሊኒኩ ላቦራቶሪ የሚሠራ ወንድማችን “ኃላፊ ሁን ተብያለሁ፤ ልቀበል ወይስ በወባ ምርመራው ልግፋበት? የሚመጡትን አሥር ዓመታት የምወስንበት ነው” ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ላብ ውስጥ ስለኖርኩ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የኃላፊ ሥራ ተረኛ መመደብ፣ ኬሚካል ሳያልቅ ማዘዝና ሪፖርት ነው። ይህን የቻለ ሰው መጋዘንም ትምህርት ቤትም ቢሄድ አይቸገርም። የዓይን ሙያ ግን ሌላ ነው። ወፍራሙን የደም ቅብ አይቶ “ወባ የለም” ለማለት 100 ፊልድ መቁጠር አለበት። ወራት ሳያይ ከቆየ ጥቂት ጥገኛ ተሕዋስያን ያሉበት ስላይድ ያመልጠዋል። ማምለጡንም ራሱ አያውቀውም፤ የሚታወቀው ሌላ ሰው ያንኑ ስላይድ ደግሞ ሲያነበው ነው።

“ፈጣን ምርመራ መጥቶ ማይክሮስኮፕ ምን ያደርጋል?” የሚሉ አሉ። ምርመራው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርት ወባ በኤርትራም በኢትዮጵያም ተገኝቷል። ኤርትራ በዚሁ ምክንያት በ2016 እ.ኤ.አ. የምርመራ ዓይነቷን ቀየረች። እንዲህ ያለውን ወባ የሠለጠነ ዓይን ያየዋል።

ስለዚህ “ተቀበል፣ ግን በሳምንት ሁለት ጠዋት ማይክሮስኮፕ ላይ ልቀመጥ በላቸው” አልኩት። በየወሩም አሥር ስላይዱን ባልደረባው ውጤቱን ሳያይ ይድገምለት። እምቢ ካሉት እኔ ብሆን ቢሮውን እተወው ነበር፤ የኃላፊነት ቦታ ኋላም ይገኛል። እሱ ግን “ደመወዙስ?” አለኝ። እውነቱን ነው፣ ልጆች አሉት። ሰኞ ሊጠይቃቸው ሄዷል።