ከጥምቀት እስከ ዐድዋ፦ ሹሩባ ራስ ላይ ስንት ቀን ይቆይ?

በየዓመቱ የጥምቀት በዓል ሲቃረብ በባሕር ዳር ሹሩባ የሚሠሩ እናቶችና እኅቶች እጃቸው ዕረፍት አያገኝም። ተሠሪዋ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ሠሪዋ ከኋላዋ ከፍ ብላ ሚዶዋን ትይዛለች፤ ቅቤውም በአጠገባቸው ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ከተሠሪዋ አፍ የማይጠፋ አንድ ልመና አለ፦ «እባክሽ ጠበቅ አድርጊልኝ፤ እንዲቆይልኝ።» ሠሪዋም «ጠበቅ ካላደረግሁትማ ለሳምንት አይበቃሽም» ስትል ትመልሳለች። ሁለቱም በአንድ እምነት ይስማማሉ። የጠበቀ ሹሩባ ይቆያል፤ የሚቆይ ሹሩባ ደግሞ ፀጉርን ይጠብቃል የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእምነቱ የመጀመሪያ አጋማሽ እውነት፣ ሁለተኛው አጋማሽ ግን ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነው።

ሹሩባ የሚጠብቀው ምኑን ነው?

ከራስ ቆዳ በላይ የሚታየው ፀጉር ሕይወት የሌለው አካል ነው። ሕይወት ያለው ከቆዳው ሥር ባለችው የፀጉር ማብቀያ ከረጢት ውስጥ ነው። የእኛ ዓይነቱ የተጠቀለለ ፀጉር በየመታጠፊያው ደካማ ስለሆነ በየቀኑ በሚዶ ሲጎተት ይሰበራል። ሹሩባ ይህን የዕለት ተዕለት ማበጠር ስለሚያስቀር ፀጉሩን ከመሰበር ያድነዋል። ጥበቃ የተባለውም ይኸው ነው። ነገር ግን ሹሩባው ከልክ በላይ ከጠበቀ የሚድነው ሕይወት የሌለው ዘንግ ሲሆን፣ የሚጎዳው ሕይወት ያለው ሥር ይሆናል። የተሰበረ ፀጉር ከሥሩ እንደገና ያድጋል፤ የሞተ ሥር ግን ምንም አያበቅልም።

በመጎተት የሚመጣ የፀጉር መመለጥ ለሕክምና ሳይንስ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1907 ዓ.ም. ፀጉራቸውን ወደ ላይ ሰብስበው አጥብቀው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ታይቶ ተመዝግቧል። ከመቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካዋ የቆዳ ሐኪም ኩማሎና ባልደረቦቻቸው በኬፕ ታውን ባደረጉት ጥናት ከተመረመሩት አዋቂ ሴቶች መካከል ከሦስቱ አንዷ ገደማ ይህ ችግር ተገኝቶባታል። በወንዶቹ ላይ የታየው ግን በ2 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው በዋናነት የፀጉር አሠራር ነው።

ጉንጉን ወይስ ጥምዝ?

ሹሩባ በሦስት ዘለላ የሚጎነጎን ነው። ጥምዝ፣ ማለትም ብዙዎች ትዊስት የሚሉት፣ ሁለት ዘለላዎችን እርስ በርስ በመጠቅለል ብቻ ይሠራል። ሦስቱ ዘለላዎች እርስ በርሳቸው ስለሚቆላለፉ ጉንጉን በቀላሉ አይፈታም፤ ስለዚህም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በአንጻሩ ሲፈታ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ትዕግሥት የሌለው እጅ ከገባበትም በመፍታት ላይ ብዙ ፀጉር ይሰበራል። ጥምዝ ሥሩን በአነስተኛ ጉልበት ይይዛል፤ በጣትም በቀላሉ ይፈታል። ድክመቱ እርጥበት አለመውደዱ ነው። እርጥበት የፀጉሩን ቅርጽ የሚይዙትን ደካማ ትስስሮች ስለሚያላቅቅ ጥምዙ ያብጣል፣ ያጥራል፣ ይላላል።

በጣና ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ምርጫውን ወቅቱ ቢወስነው ይሻላል። ደረቁ በጋ ለጉንጉን ይመቻል። በክረምት ግን ዝናብ የመታው ሹሩባ ከውጭ የደረቀ መስሎ በውስጡ እርጥበቱን ይዞ ይውላል፤ ቅቤ ተጨምሮበት ከሆነ ደግሞ ቅባት የሚመገበው የፎረፎር ፈንገስ በሞቀውና በረጠበው ቆዳ ላይ ይራባል። ስለዚህ በክረምት በሁለትና በሦስት ሳምንት የሚፈታ፣ ራስን ለማጠብና ለማድረቅ የሚያመች ጥምዝ ይመረጣል። በማናቸውም ወቅት ቢሆን ቅቤው ፀጉሩን እንጂ የራስ ቆዳውን ባይቀባ መልካም ነው።

የውፍረት ሂሳብ

በባሕላችን ቀጭን ሹሩባ የባለሙያ እጅ ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁንና የቋራው ተወላጅ ዐፄ ቴዎድሮስ በሥዕሎቻቸው ላይ የሚታዩት ከግንባር ወደ ማጅራት በሚወርዱ ጥቂትና ወፋፍራም ጉንጉኖች ነው። በመቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ ተቆርጦ ከተወሰደው ፀጉራቸው በለንደን የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የነበረው በ2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሱ ይታወሳል። የወፍራሙን አሠራር ብልሃት ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል።

በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የራስ ቆዳ ላይ 150 ያህል ፀጉር አለ እንበል። የአንድ ጉንጉን መነሻ በእያንዳንዱ ጎን 1 ሴ.ሜ ከሆነ ጉንጉኑን 150 ፀጉሮች ይሸከሙታል። ጎኑ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ግን ስፋቱ ከመቶ 9 እጅ ብቻ ስለሚሆን ሸክሙ ለ13 ወይም ለ14 ፀጉሮች ይቀራል። በሁለቱም ላይ 2 ግራም አርቴፊሻል ፀጉር ቢጨመር፣ በቀጭኑ መነሻ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፀጉር ከወፍራሙ ባልንጀራው 11 እጥፍ ገደማ ይሸከማል። በእርግጥ ጠንቃቃ ሠሪ ለቀጭኑ የምትጨምረው ፀጉር ያንሳል። ችግሩ የሚፈጠረው በግንባርና በጆሮ ግንድ ጠርዝ ላይ ነው። በዚያ ሥፍራ ፀጉሩ ስስና ለስላሳ፣ ብዛቱም አነስተኛ ነው፤ ሠሪዋ ግን ጠርዙ ከመሐሉ ጋር ተመሳስሎ እንዲታይላት ስትል በትንሿ መነሻ ላይ ለመሐል አናት የምትጨምረውን ያህል ትጨምራለች።

መነሻው እጅግ ሲሰፋም ሌላ ችግር አለ። በዳር ያሉት ፀጉሮች ወደ መሐል ለመድረስ ተጋድመው ስለሚሳቡ ውጥረቱን እነርሱ ብቻቸውን ይሸከማሉ። ስለዚህ ለመሐል አናት 1 ሴ.ሜ ገደማ የሆነ መነሻ አስታራቂ ነው። የጉንጉኑ ውፍረት ከመነሻው ፀጉር ጋር ይመጣጠን፤ በጠርዙም ላይ አርቴፊሻል ፀጉር ጨርሶ አይጨመር።

ውጥረቱ በምን ይታወቃል?

ውጥረትን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ሹሩባው እንዳለቀ ቅንድብን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ቆዳው እየተሳበ ከታመመ አሠራሩ ጠብቋል። በጉንጉኑ ሥር ቆዳው እንደ ድንኳን ተነሥቶ ከታየም ምልክቱ ያው ነው። ሕመሙን በማስታገሻ ክኒን አሳልፎ «ነገ ይለምደዋል» ማለት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ያን ዕለት ማታ ጠርዙን መፍታት ይገባል። በማግስቱ በየፀጉሩ ሥር የሚወጡ ትናንሽ ብጉሮችም የቅቤ ወይም የሙቀት ውጤት ከመሆናቸው በፊት የመጎተት ምልክት መሆናቸው ሊጠረጠር ይገባል። እርጥብ ፀጉር ተለጥጦ ከተጎነጎነ በኋላ ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ ሲሠራ ልክ የነበረው በማግስቱ ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ፀጉሩ ከደረቀ በኋላ መሠራቱ ይመረጣል።

ሌላው ምልክት ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ይነበባል። በመጎተት የተጎዳ ፀጉር በሥሩ አካባቢ ነጭ እጅጌ የመሰለ ቅርፊት ያጠልቃል፤ እናቶችም ቅጫም ነው ብለው ልጃቸውን ለቅማል ያክማሉ። መለያው ቀላል ነው። ቅጫም በፀጉሩ ላይ ተጣብቆ በጣት ሲገፋ አይንቀሳቀስም፤ ይህኛው ግን በፀጉሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል።

አርባ ሁለት ቀን

ፀጉር በወር 1 ሴ.ሜ ገደማ ያድጋል። ስድስት ሳምንት ሲሞላ ጉንጉኑ ከቆዳው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ በልል አዲስ ፀጉር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲተኙበትና ሲነሡ እየዞረም ሥሩን ያጠማዝዛል፣ አዲሱንም ፀጉር ያወሳስባል። እንዲሁም ከራስ ላይ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር በተፈጥሮ ይረግፋል። ሹሩባ ውስጥ ያለው ግን የሚወድቅበት ስለሌለ በዚያው ይከማቻል፤ በ42 ቀን ከ2,100 እስከ 4,200 ይደርሳል ማለት ነው። ሹሩባዋን ስትፈታ እፍኝ ሙሉ ፀጉር አይታ የምትደነግጥ ሴት ልታረጋግጠው የሚገባት አንድ ነገር አለ። በፀጉሩ አንድ ጫፍ ላይ ነጭ እንክብል ካለ በጊዜው የረገፈ ነው። እንክብል የሌላቸው አጫጭር ቁርጥራጮች ከበዙ ግን ፀጉሩ እየተሰበረ ነው። የተከማቸው ፀጉር ውኃ ሲነካው ስለሚቋጠር ከመታጠብ በፊት በጣትና በሰፊ ሚዶ ይለቀቅ።

ስድስት ሳምንትን ለማስታወስ የበዓላት አቆጣጠራችን ራሱ ይረዳናል። ከጥር 11 ቀን እስከ የካቲት 23 ቀን ልክ 42 ቀን ነው። ለጥምቀት የተሠራ ሹሩባ ለዐድዋ በዓል መፈታት አለበት። በጠርዙ ላይ ያለው በአራት ሳምንት ቢፈታ የተሻለ ይሆናል። ከፈቱም በኋላ በማግስቱ ወደ በርጩማዋ አለመመለስ፣ ቢያንስ ለአንድና ለሁለት ሳምንት ሥሩን ማሳረፍ ይገባል።

የሠሪዋ ክርክር

የሹሩባ ሠሪዎች መልስ ንቀት የሚገባው አይደለም። ተማሪዋ የምትከፍለው ገንዘብ ውስን ነው፤ ልል ሹሩባ በሁለት ሳምንት ከተበተነባት ዳግመኛ ትከፍላለች። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ «ሁሉም ይላላ» አይልም። ሹሩባው እንዲቆይ የሚያደርገው የመሐል አናቱ ጥንካሬ ነው፤ በዚያ ሥፍራ ፀጉሩ ብዙና ጠንካራ ስለሆነ ሕመም የሌለበትን ጠበቅ ማለት ይችለዋል። ከግንባርና ከጆሮ ግንድ ሁለት ጣት ያህል ስፋት ግን ወይ ሳይጎነጎን ይቀር፣ ወይ በልል ጥምዝ ይያዝ። ሲበተን ባለቤቷ ራሷ በመስተዋት ፊት ትመልሰዋለች፤ ተጨማሪ ክፍያም አይጠይቅም።

ይህ ጉዳይ ከአዋቂዎች ይልቅ ለሕፃናት ያሳስባል። ትምህርት ሲከፈት እናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ የምታለቅስ ልጅ «ዝም በይ፤ ያምርብሻል» ትባላለች። ልጅቷ ግን ሐሰት አልተናገረችም፤ የራስ ቆዳዋ የሚሰጣትን ትክክለኛ መረጃ ነው የተናገረችው። መመለጡ ሲጀምር መጎተቱን በማቆም ብቻ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ማብቀያ ከረጢቶቹ በጠባሳ ይተካሉ፤ ከዚያ በኋላ በግንባሩ ዳር የሚቀረው አንድ ረድፍ ስስ ፀጉርና ከኋላው ባዶ ቆዳ ነው። ያን ጊዜ ቅቤም ሆነ መድኃኒት ከረጢቱን አይመልሰውም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በርጩማዋ ላይ ስንቀመጥ «ጠበቅ አድርጊልኝ» ከማለት ይልቅ «ጠርዙን ተይልኝ» ብንል ሹሩባው የተባለለትን ጥበቃ በእርግጥ ይሰጣል።