ለጾሙ በኢትዮጵያ፣ ለኒካሁ በሂጅራ? ዕድሜህን በሚመችህ ካላንደር አትቁጠር



ረመዳን ሲቃረብ በአዳማም በሞጆም፣ በባቱም በሻሸመኔም የምንሰማት አንዲት ንግግር አለች። «ልጁ ገና 14 ዓመቱ ነው፣ 15 ሲሞላው ይጾማል» ትባላለች። ሸዋል ገብቶ የሠርግ ወሬ ሲነሳ ደግሞ ያው ሰው ካላንደሩን ይቀይራል። «ልጅቷ በእኛ አቆጣጠር 18 ሞልታለች» ይላል። ግዴታ ሲመጣ ዕድሜ የሚያሳንሰውን ካላንደር፣ ጥቅም ሲመጣ ዕድሜ የሚያስረዝመውን ካላንደር! ይህ ዲንም አይደለም፣ ሒሳብም አይደለም። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

የኢትዮጵያ ዓመት ፀሐይን ይከተላል። 12 ወር ባለ 30 ቀን፣ ሲደመር ጳጉሜ፣ በአማካይ 365 ቀን ከሩብ ነው። የሂጅራ ወር ግን በጨረቃ ይገባል፤ ወይ 29 ወይ 30 ቀን ይሆናል። 12 ወሩ ሲደመር 354 ቀን ገደማ ነው። ጳጉሜ የለውም፤ ከወቅቱ ጋር ለማስተካከል ወር መጨመርንም ቁርኣን በሱረቱ ተውባ ከልክሏል። ስለዚህ የሂጅራ ዓመት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ያልቃል። ማስረጃ ከፈለግህ ወላጆችህን ጠይቅ፦ በ2002 ረመዳን የገባው በነሐሴ ዝናብ ነበር፤ በ2017 ግን በየካቲት ፀሐይ ጾመናል።

ያቺ 11 ቀን በዕድሜህ ላይም ትጠራቀማለች። 33 የፀሐይ ዓመት የኖረ ሰው 34 የጨረቃ ዓመት ኖሯል። 66 ዓመታቸው የሆነ አያት በሂጅራ 68 ናቸው። የኖሩት ቀን ግን አንድ ነው፤ አንዲት ቀን አልተጨመረችም፣ አልተቀነሰችም። የተለያየው መለኪያው ነው። አንዱን ጨርቅ በክንድም በሜትርም ብትለካው ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ጨርቁ አይረዝምም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በሻፊዒይና በሐንበሊ መዝሀብ ሌላ የብስለት ምልክት ያልታየበት ልጅ 15 ዓመት ሲሞላው ባሊግ ይሆናል። መሠረቱም ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር በ14 ዓመታቸው ለኡሑድ ዘመቻ ሳይፈቀድላቸው ቀርቶ በ15 ዓመታቸው ለኸንደቅ የተፈቀደላቸው ሐዲስ ነው። ይህ 15 የሚቆጠረው በጨረቃ ዓመት ነው። 15 የጨረቃ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንት ነው? 14 ዓመት ከ202 ቀን። ማለትም «15 እስኪሞላው» ብለህ የምትጠብቀው ልጅ ከ163 ቀን በፊት፣ አምስት ወር ተኩል ገደማ ቀድሞ፣ ደርሷል!

በምሳሌ እንየው። አንድ የአዳማ ልጅ ሐምሌ 15 ቀን 2002 ቀን ላይ ተወለደ እንበል። ያ ቀን በሂጅራ ሸዕባን 10፣ 1431 ነው። 15 የጨረቃ ዓመት የሚሞላው ሸዕባን 10፣ 1446 ነው፤ ይህም የካቲት 2 ቀን 2017 ላይ ዋለ። ረመዳን የገባው የካቲት 22 ነው። ስለዚህ ልጁ ረመዳን ሲገባ ባሊግ ከሆነ 20 ቀን አልፎታል። ቤተሰቡ ግን መታወቂያውን አይቶ «15 የሚሞላው በሐምሌ ነው» ብሎ ምሳውን አቀረበለት። ያ ረመዳን 29 ቀን ነበር። ጾም ባሊግ በሆነ ጤነኛ ላይ ግዴታ ነውና ልጁ የ29 ቀን ቀዷ አለበት ማለት ነው። ሶላቱም እንዲሁ ከየካቲት 2 ጀምሮ ግዴታ ሆኖበታል።

«ይህ ለስንት ሰው ያጋጥማል?» እንዳትለኝ። 163 ቀን የዓመት ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ልጆች በሁሉም ወራት እኩል ይወለዳሉ ብንል፣ በዕድሜ ብቻ ባሊግ ከሚሆኑት ግማሽ ያህሉ በዚህ ክፍተት ውስጥ ረመዳን ያገኛቸዋል። ደግሞ አስተውል፦ ልጁ ከዚያ በፊት በሕልሙ ዘር ከፈሰሰው፣ ልጅቷም ሐይድ ካየች፣ የዓመት ቆጠራው አያስፈልግም፤ ግዴታው ከዚያች ቀን ጀምሯል። ዕድሜ የሚቆጠረው ምልክቱ ሳይታይ ሲቀር ነው።

የራስህን ለማወቅ የተወለድክበትን ቀን፣ ወርና ዓመት ይዘህ በስልክህ ወደ ሂጅራ ቀይር። ከማግሪብ በኋላ ከተወለድክ አንድ ቀን ጨምር፤ የእስልምና ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነውና። ከዚያ በዚያው የሂጅራ ቀንና ወር ላይ 15 ዓመት ደምር። የዓመቱን ቁጥር ብቻ ቀንሰህ «1446 ሲቀነስ 1431፣ 15» አትበል። የምሳሌው ልጅ በ1446 ሙሐረም ላይ ገና 14 ነበር፤ በዚህ መንገድ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ልትሳሳት ትችላለህ።

ሁለት ነገር ደግሞ ያሳስታል። አንደኛው፣ የኢትዮጵያና የፈረንጅ ካላንደር የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ነው። ያ ልዩነት ዘመኑ ከየት ይጀምራል በሚለው ነው እንጂ በዕድሜ አይደለም። ሁለቱም የፀሐይ ስለሆኑ ዕድሜህ በሁለቱም አንድ ነው። የትውልድ ዓመትህን በኢትዮጵያ፣ የዘንድሮውን በፈረንጅ ይዘህ ከቀነስክ ግን ባልኖርክበት 7 ዓመት ታረጃለህ። ሁለተኛው፣ ሰነዱ ራሱ ነው። መታወቂያህ ላይ መስከረም 1 ወይም ጃንዋሪ 1 ከተጻፈ ቀኑ በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላልና እናትህን ጠይቅ። «ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወለድኩህ» ካለችህ፣ ከመታወቂያው ይልቅ የእሷ ቃል ወደ ሸዕባን 10 ይወስድሃል። ጨረቃ በመታየትና ባለመታየት ምክንያት አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል አትከራከር፤ ሒሳቡ ከዚያ በላይ ጥራት የለውም።

አሁን ወደዚያ ሠርግ እንመለስ። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ሲል የልደት ምዝገባው፣ የትምህርት ቤቱና የቀበሌው ሰነድ በተጻፈበት አቆጣጠር ነው። በሂጅራ 18 የሞላት ልጅ በዚያ አቆጣጠር 17 ዓመት ከአምስት ወር ተኩል ናት። «በሂጅራ ሞልታለች» ብሎ ወረቀት ማስሞላት ሒሳብ አይደለም፣ ማምታታት ነው። የሚገርመው ደግሞ ይህን የሚለው ሰው የወንድሟን የጾም ዕድሜ በመታወቂያ የሚቆጥረው ራሱ መሆኑ ነው።

ማስታረቂያው አንድ ነው። ለዒባዳህ፣ ለጾምህ፣ ለሶላትህ በጨረቃ ቁጠር። ለመንግሥት ሰነድ፣ ለትምህርትና ለኒካሕ ምዝገባ ሰነዱ በተጻፈበት ቁጠር። ሁለቱን የልደት ቀኖችህን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፋቸው፣ ከመታወቂያህ ጋር አስቀምጥ። ያመለጠህ ረመዳን ካለም ዛሬውኑ ቀኖቹን ቆጥረህ ስለ ቀዷውና ስለ ፊድያው ኡስታዝህን ጠይቅ። የአባቶች ኃላፊነት ደግሞ የልጁን 14ኛ የልደት ቀን ሲያልፍ 202ቱን ቀን መቁጠር መጀመር ነው።

ወላሁ አዕለም።