ፈርማለች እኮ!

«ፈርማለች እኮ! ማን አስገደዳት?»

ይህችን አባባል ያልሰማሁበት ቦታ የለም። ለቅሶ ቤት ሰምቻታለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ሰምቻታለሁ፤ አንዴም ከረባቱን አጥብቆ ካሰረ ሰውዬ አፍ፣ ያውም ስብሰባ ላይ፣ ሰምቻታለሁ። ደመወዟን ተከልክላ ወይም ታማ ከዓረብ አገር ስለተመለሰች ልጅ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና ነገሩን በዚህች ይዘጋዋል። ፈርማለች፤ አለቀ። እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፌያታለሁ። ከአንዲት ሌሊት ወዲህ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ቤት ያረፈች የወሎ ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። በማግሥቱ ወደ ሪያድ ትበራለች። በእጇ ካኪ ፖስታ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ስሜ ከፓስፖርቱ ጋር መመሳሰሉን ይዩልኝ ብዬ ነው፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ከኤርፖርት ይመልሳሉ አሉኝ።»

መነጽሬን አደረግሁ። ስሟ ልክ ነው። ችግሩ ከስሟ በታች ያለው ነበር።

ወረቀቱ አራት ገጽ የሥራ ውል ነው፤ በቀኝ በኩል ዓረብኛ፣ በግራ በኩል እንግሊዝኛ። አማርኛ የሚባል ነገር አልነካውም። «ይህን አንብበሻል?» አልኳት። ሳቀች። የፈረመችው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ተሰልፈው፣ አንዱ ጸሐፊ ገጹን እየገለበጠ «እዚህ... እዚህ... ቀጥይ» እያለ በጣቱ ባሳያቸው ቦታ ነው። ውሉን በእጇ ስትይዘው የዛሬዋ ምሽት የመጀመሪያዋ ናት።

እንግዲያውስ እንየው ብለን ተቀመጥን። ደመወዝ በወር 1,000 የሳዑዲ ሪያል፣ ዘመኑ ሁለት ዓመት። ይህን ታውቀዋለች። ቀጠልኩ፤ «አሠሪው ለሠራተኛዋ በቀን ከ9 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ይሰጣል» ይላል።

«ዘጠኝ ሰዓት!» አለች ደስ ብሏት። «ደጎች ናቸው።»

እኔም ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን ሒሳቡን ገለበጥኩት። ከ24 ላይ 9 ሲነሣ 15 ይቀራል። በሌላ አነጋገር በቀን አሥራ አምስት ሰዓት ብትሠራ ውሉ አልተጣሰም ማለት ነው። የዕረፍት መብት ተብሎ የተጻፈው ተገልብጦ ሲነበብ የሥራ ፈቃድ ነው። ይህ ደግሞ የአንድ ክፉ አሠሪ ፈጠራ አይደለም። የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል። በፈረንጆች 2013 ለብቻቸው የወጣላቸው ደንብም በዚያች ሌሊት የሚሠራበት ሲሆን፣ ያስቀመጠው ያንኑ የ9 ሰዓት ዕረፍት ነበር። የሥራ ሰዓቱን በቀን በ10 የገደበው አዲሱ ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በፈረንጆች ጥቅምት 2024 ነው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ባዶ ቦታዎች አገኘን። «የቤተሰቡ አባላት ብዛት» ይልና ነጠብጣብ። «የክፍሎች ብዛት» ይልና ነጠብጣብ። «ይህን ማን ይሞላዋል?» ብትለኝ መልስ አጣሁ። ባልና ሚስት ያሉበት ቤትና አሥር ልጅ፣ ከዚያ በላይ አልጋ የያዙ አያት ያሉበት ቤት በዚህ ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ደመወዙም አንድ ነው። በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ፍሩ ይባላል። እኔ በዚያች ሌሊት የፈራሁት ጭራሽ ያልተጻፈውን ነው።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ሁለታችንም ቆምን። «ሠራተኛዋ ያለ በቂ ምክንያት ውሉን ካቋረጠች የመመለሻ ትኬቷን ራሷ ትሸፍናለች።»

«በቂ ምክንያት ምንድን ነው ጋሼ?»

ገልብጬ ፈለግሁ። የለም። ታዲያ በቂ መሆን አለመሆኑን ማን ይወስናል? በተግባር አሠሪው ነው፤ አገሩን ለቅቃ የምትወጣበት ፈቃድ በእሱ እጅ ነውና። ተማርራ ከቤቱ ብትወጣ «ጠፍታለች» ብሎ ማስመዝገብ ይበቃዋል፤ «ሁሩብ» የሚሉት እሱ ነው። ያን ዕለት ከሳሽ የነበረችው ልጅ ተፈላጊ ትሆናለች። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ደግሞ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ቢፈጠር ዓረብኛው ይጸናል ይላል። እኔ በእንግሊዝኛ ያነበብኩላት ሁሉ እንግዲህ ጥላው ነው።

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ልቅር እንዴ?» አለችኝ።

ከረባት ያሰረው ሰውዬ ቢኖር ያን ጊዜ መልሱን ከእሱ በሰማሁ! እስከዚያች ሌሊት ድረስ 25 ሺህ ብር ወጥቷል። ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለመመላለሻ የሄደው ትንሹ ነው። 15 ሺሁን የወሰደው ደላላው ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲ የአገልግሎት ክፍያውን ከአሠሪው እንጂ ከሠራተኛው እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ደላላ ግን ደረሰኝ አይሰጥም። ገንዘቡ የአጎቷ ብድርና የእናቷ በጎች ናቸው። በጊዜው ምንዛሪ የሁለት ወር ደመወዟ ያህላል። ብትቀር ዕዳው ይቀራል፤ ደመወዙ ይሄዳል። «ተዪው» ለማለት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

እንግዲህ «ፈርማለች» ለሚሉን ሁሉ ክርክሬ ይህ ነው። ፊርማ ፈቃድ የሚሆነው እምቢ ማለት ሲቻል ነው። በጎቹ ከመሸጣቸው በፊት ወረቀቱ በምታነበው ቋንቋ ተሰጥቷት፣ ባዶው ቦታ ተሞልቶ፣ ቤቷ ወስዳ ከሰው ተማክራ ብትፈርም ኖሮ አዎን፣ ፈርማለች። ከዕዳ በኋላ በመጣ፣ በማታውቀው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ የሚደረግ ፊርማ ግን የዕቃ ማስረከቢያ ነው። ተረካቢው አሠሪው፣ አስረካቢው ኤጀንሲው፣ ዕቃዋ እሷ።

«ታዲያ አይሂዱ ነው የምትለው? እዚህ ምን ይበላሉ?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። በሕጋዊ መንገድ የሄደች ልጅ በጅቡቲ በኩል ጀልባ ከተሳፈረችው መሻሏንም አውቃለሁ። የምለው ትንሽ ነገር ነው። ውሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ ልጅቷ በምታነበው ይጻፍ። ከአንድ ሳንቲም ወጪ በፊት በእጇ ይግባ። ያልተሞላ ቦታ ያለበትን ውል የሚያጸድቅ ባለሥልጣን ማኅተሙን ያንሣ። ለዚህ የውጭ ምንዛሪም የውጭ አማካሪም አያስፈልግም፤ የፎቶ ኮፒ ወረቀትና ትንሽ ኀፍረት ይበቃል።

በዚያች ሌሊት የቻልነው የድሃ ዘዴ ብቻ ነበር። የአሠሪውን ሙሉ ስም፣ የመታወቂያውንና የቪዛውን ቁጥር፣ ስልኩንና ከተማውን በአማርኛ ገልብጠን ለእናቷ ተውንላቸው። አራቱንም ገጽ በስልኳ አነሣን። ሲነጋ ሄደች።

ሁለት ዓመቷን ጨርሳ በ2017 ዓ.ም. ተመለሰች፤ ጤነኛ ናት። ደመወዟን፣ ከአራት ወሩ በስተቀር፣ አግኝታለች። ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ የእመቤቲቱን እናት ቤት ታጸዳለች።

«ታዲያ ያን ባዶ ቦታ ማን ሞላው?» አልኳት።

«እኔ ነኛ ጋሼ» አለችኝ። «በጉልበቴ።»