ስለ ልብ ትርታ ለሐኪም የሚጻፍ ደብዳቤ

አንድ ሰው የልቡን ትርታ ወር ሙሉ እየቈጠረ በደብተር ቢጽፍ መልካም ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ደብተሩን እንዳለ ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ቢያኖረው፥ ቍጥሩ ብዙ ነውና ዋናው ነገር ይሰወራል። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስተው ቍጥሩን ሁሉ ደምሮና አካፍሎ «በአማካይ 70 ነው» ብሎ መጻፍ ነው። ልብ በወሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢታወክ፥ ያ ሁከት በአማካዩ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራልና። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የመዝገቡን ፍሬ ነገር ለዳኛ ሲያወጣ ዘወትር የሚሆነውን አንድ ጊዜ ከሆነው ለይቶ ያቀርባል፤ ለሐኪም የሚጻፈውም ደብዳቤ እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል።

ዕድሜው 58 ዓመት የሆነ አንድ ወዳጄ ለቤተ ሰቡ ሐኪም የጻፈውን፥ ፈቃዱን ጠይቄ ስሙን በመተው ከዚህ በታች አቅርቤዋለሁ።

«ክቡር ሐኪም ሆይ፤ ጤና ይስጥልኝ። ከጥቅምት 1 ቀን እስከ ጥቅምት 30 ቀን፥ ጧት ቡና ሳልጠጣ፥ ማታም ከመኝታ በፊት፥ አምስት ደቂቃ ተቀምጬ ካረፍሁ በኋላ የእጄን የደም ሥር ትርታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቈጥሬአለሁ። አራት ጊዜ ስላመለጠኝ የተገኘው 56 ቍጥር ነው። የጧቱ ከ62 እስከ 76፥ የማታው ከ68 እስከ 84 ነው፤ ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እየጨመረም እየቀነሰም አልሄደም።

ከዚህ ሌላ አምስት ጊዜ የልቤ አመታት ተለውጦ ታውቆኛል። ሦስቱ ማታ በግራ ጎኔ ስተኛ ነበር፤ ልቤ የቆመ መስሎ ወዲያው አንድ ጊዜ በኃይል ይመታና ይተወኛል። ሁለቱ ግን የተለዩ ናቸው። ጥቅምት 11 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ተቀምጬ ሳነብ ድንገት ጀመረኝ፤ ትርታው ፈጣንና ሥርዓት የሌለው ነበር፤ በደቂቃ 118 ቈጠርሁ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ በራሱ ተወኝ። ጥቅምት 24 ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ፤ እንደ ፊተኛው ያለ ሥርዓት እየመታ 126 ደረሰ፤ 35 ደቂቃም ቆየ። ራሴን አልሳትሁም፥ ደረቴንም አላመመኝም፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ትንፋሼ ጥቂት አጠረኝ። ለደም ግፊት በየቀኑ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም እወስዳለሁ፤ በቀን ሦስት ስኒ ቡና እጠጣለሁ፤ አልኮል አልቀምስም። ጥያቄዬ እነዚህ ሁለቱ ምንድር ናቸው የሚል ነው።»

በዕረፍት ላይ ላለ ጐልማሳ ሰው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 የተለመደ ስለ ሆነ፥ የደብዳቤው ፊተኛ ክፍል የሚያሠጋ አይደለም። ሦስቱም ምቶች ከጊዜያቸው ቀድመው የመጡ ምቶች ይመስላሉ፤ ይህም በብዙ ጤነኞች ላይ የሚገኝ ነው። በሥራ ወይም በድንጋጤ የሚመጣ ፍጥነት ቀስ በቀስ ጨምሮ ቀስ በቀስ ይበርዳል። ሁለቱ ግን ድንገት ጀምረዋል፥ ሥርዓትም የላቸውም። ይህ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን፥ ማለት የልብ የላይኛው ክፍል በሚገባ መኰማተር ትቶ መንቀጥቀጡን፥ ያስጠረጥራል። በዚያ ክፍል ውስጥ ደም ሊረጋ፥ የረጋውም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ስለሚችል፥ ሐኪሙ ከፍጥነቱ ይልቅ ሥርዓት ማጣቱን ይመረምራል።

ጥርጣሬው የሚረጋገጠው በጣት ሳይሆን የልብን ኤሌክትሪክ በሚጽፈው መሣሪያ ነው። ልብ በተረጋጋበት ቀን ተነሥቶ ደኅና ቢሆን ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ በደረት ላይ የሚታሰር መሣሪያ ሊያዝ ይችላል። ደሙንና በአንገት ያለውን የእንቅርት ዕጢም ያስመረምራል።

ስለ አቈጣጠሩ ሁለት ነገር ይታወቅ። ትርታው ሥርዓት በሌለው ጊዜ 15 ሴኮንድ ቈጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታልና ደቂቃው ሙሉ ይቈጠር። ሁለተኛም፥ ደካማው ምት እስከ እጅ አንጓ ስለማይደርስ፥ በእጅ 118 የተቈጠረው በልብ ላይ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል፤ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውም የደም ግፊት መለኪያ በዚህ ጊዜ ይሳሳታል። ስለዚህ በምን እንደ ተቈጠረ አብሮ ይጻፍ።

ደብዳቤ የሚጻፈው ግን ጊዜ ሲኖር ነው። ልቡ ሲታወክ ራሱን የሳተ፥ ደረቱን የጨነቀው፥ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ እጅግ ያጠረው፥ ወይም አንድ ጎኑ የደከመና አንደበቱ የተሳሰረ ሰው ብዕርና ወረቀት ሳይፈልግ ያን ጊዜውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።