«ለነገ ንግግር ይዘጋጅ»

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የሚሠራ ሰው ይህችን ትእዛዝ ሳይሰማ ዓመት አይሞላውም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ይደወላል። የኃላፊው ጸሐፊ ናት። «ጋሼ ነገ ስለ ውሃ ንግግር አላቸው፤ ማታውኑ ይድረሰኝ ብለዋል» ትላለች። የት ነው የሚናገሩት? አልነገሯትም። ለማን? እሱንም አልነገሯትም። ስንት ደቂቃ? «ያው እንደተለመደው ነዋ!»

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ቤቱ ያውቀዋል። ባለሙያው አምና የተነበበውን ፋይል ይከፍታል፣ ቀኑን ይለውጣል፣ «ውሃ ሕይወት ነው» የምትለውን መግቢያ ባለችበት ይተዋታል፣ ሦስት ገጽ ሞልቶ ይልካል። በማግስቱ ኃላፊው መድረክ ላይ ያነቡታል። ሰው ያጨበጭባል። ምን እንደተባለ ግን አዳራሹን ለቆ ሲወጣ የሚያስታውስ የለም። እድለኛ ካልሆኑ ደግሞ ከአምናው ፋይል ሳይጠፋ የቀረ የሌላ ከተማ ስም መሐል ላይ ብቅ ይላል፤ የዚያን ቀን ብቻ ሁሉም ሰው ንግግሩን ያስታውሰዋል።

ጥፋቱ የማን ነው ብሎ መጨቃጨቅ ይቻላል። የሚጠቅመው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ከጎደሉት ከሦስቱ ነገሮች ማለትም ከአጋጣሚው፣ ከአድማጩና ከርዝመቱ የትኛው ነው ይበልጥ የሚጎዳው? ብዙ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚጠይቀው ርዝመቱን ነው፤ «ስንት ገጽ ይሁን?» ይላል። ሰውየው የሚያስበው ስለሚያድርበት ሥራ ስለሆነ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። የጎደለ መረጃ ክብደቱ የሚለካው በአንድ ነገር ነው፦ ሳይጠይቁ ቢገምቱት የማይጎዳ ግምት አለው ወይስ የለውም?

ርዝመት እንዲህ ያለ ግምት አለው፤ ማሳጠር ነው። አጭር ጽሑፍ የያዘ ተናጋሪ ጊዜ ቢተርፈው ከራሱ ይጨምራል፣ ካልጨመረም ቶሎ ስለጨረሰ የሚወቅሰው የለም። ረጅም ጽሑፍ የያዘ ግን «ክቡርነትዎ፣ ሁለት ደቂቃ ቀርቶዎታል» የምትል ወረቀት ስትደርሰው ገጽ ይዘላል፣ ሐሳቡ ከወገቡ ይቆረጣል፣ ዋናው ነገር የተጻፈው የመጨረሻው ገጽ ላይ ከሆነም ሳይነበብ ይቀራል።

አጋጣሚው ግን የማይጎዳ ግምት የለውም። የውሃውን ነገር እንውሰድና እንየው። በአንድ ወረዳ ስለተቆፈረ ጉድጓድ ነው ንግግሩ እንበል። ኃላፊው የሚቆሙት የመሠረት ድንጋይ ሊያስቀምጡ ከሆነ ንግግሩ ቃል መግባት ነው። ሕዝቡ መስማት የሚፈልገው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ሥራውን ማን እንደያዘውና መቼ እንደሚያልቅ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ የማይጠበቅ ቀን መናገር ነው፤ የተነገረው ቀን ተቀርጾ ይቀመጣልና።

ምርቃት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ውሃው ከቦኖው እየወረደ ሳለ የውሃን ጥቅም ማስረዳት ለጠገበ ሰው ስለ እንጀራ እንደመስበክ ይቆጠራል። በምርቃት ቀን የሚነገረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ምስጋና ሲሆን በስም መሆን አለበት፤ ቱቦ ለመቅበር ጉልበቱን የሰጠው ሰፈር ሳይጠራ ከቀረ የቀረው ንግግር አይሰማም። ሁለተኛው ርክክብ ነው። ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው? ለባልዲ የሚከፈለው ስንት ነው? ፓምፑ ሲበላሽ የሚጠራውስ ማን ነው?

ሦስተኛው አጋጣሚ ደግሞ አለ። ያው ጉድጓድ ነው፣ ያው ወረዳ ነው፣ ግን ፓምፑ ከቆመ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ኃላፊው የሚሄዱት ከነዋሪው ጋር ለመወያየት ነው። ለምርቃት የተጻፈውን ምስጋና እዚህ ማንበብ ስድብ ነው። ጀሪካን ተሸክማ አንድ ሰዓት የምትሄድ ሴት ፊት «ማኅበረሰባችንን የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ ማድረግ ችለናል» ብሎ መጀመር ስብሰባውን እዚያው ያፈርሰዋል። የሚያስፈልገው ምን እንደተበላሸ፣ ለምን እስካሁን እንዳልተጠገነና መለዋወጫው የት እንደደረሰ መናገር ነው። ምናልባትም ይቅርታ። ርዕሱ በሦስቱም ቦታ «ውሃ» ነው። ንግግሮቹ ግን አንድም የጋራ አንቀጽ የላቸውም። ጸሐፊዋ በስልክ የሰጠችው ርዕስ፣ ያ የተሰጠው ብቸኛው መረጃ፣ ምንም አልነገረንም ማለት ነው።

አጋጣሚውን ማወቅ የዝግጅቱን ስም ማወቅ ብቻ አይደለም። ተናጋሪው በዚያ ቀን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆምና እንዲፈጽም የሚጠበቀው ተግባር ምን እንደሆነ ጭምር ነው። የሚከፍተው እሱ ከሆነ «ስብሰባው መከፈቱን አበሥራለሁ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የግድ መኖር አለባት፤ ከሌለች መድረክ መሪው ግራ ይጋባል፣ ሰውም ተከፈተ አልተከፈተ እያለ ይተያያል። የሚዘጋው ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የተባለውን የሚያነሣበት ቦታ በጽሑፉ ውስጥ ክፍት መተው አለበት።

በዚህ ረገድ በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት ንግግሮች የአንዱ መጋበዣ ደብዳቤ ሊጠቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1863 በጌቲስበርግ ጦር ሜዳ ለወደቁት ወታደሮች የመቃብር ስፍራ ሲዘጋጅ የአካባቢው ጠበቃ ዴቪድ ዊልስ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ጽፎ ነበር። ደብዳቤው ኖቬምበር 19 ቀን የመቃብሩ ምረቃ እንደሚደረግ ይነግራቸዋል። ከዋናው ተናጋሪ በኋላ እንደሚቆሙ፣ እንደ አገር መሪነታቸው ስፍራውን ለተቀደሰ ዓላማው በይፋ እንዲለዩት፣ ይህንንም በጥቂት ተገቢ ቃላት እንዲያደርጉት ይጠይቃል። አጋጣሚው አለ፣ ተራው አለ፣ ተግባሩ አለ፣ ርዝመቱም በአንድ ሐረግ ተነግሯል። ሊንከን 270 ያህል ቃላት ተናገሩ፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። (ባቡር ላይ በፖስታ ጀርባ ጫሩት የሚባለው ተረት ነው።) ከእሳቸው በፊት ሁለት ሰዓት ያህል የተናገሩት ኤድዋርድ ኤቨረት በማግስቱ ሊንከንን በደብዳቤ አመሰገኗቸው፤ እሳቸው በሁለት ሰዓት ያልደረሱበትን ሊንከን በሁለት ደቂቃ እንደደረሱበትም በትሕትና ጻፉ። ኤቨረት የተጋበዙት ለረጅሙ ዲስኩር ስለነበር አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም የተጠየቁትን ነው የፈጸሙት።

ከአጋጣሚው ቀጥሎ የሚመዝነው አድማጩ ነው። አጋጣሚው ከታወቀ አድማጩ በግማሽ ይታወቃል፤ በምርቃት ላይ ማን እንደሚገኝ መገመት አያቅትም። ችግሩ ቢሮዎች «አድማጭ» ሲባሉ የሚልኩት የክቡራን ዝርዝር መሆኑ ነው። ዝርዝሩ ያስፈልጋል፤ የአንድ ሽማግሌ ስም ከሰላምታው ቢዘለል የሚመጣው ቅሬታ ቀላል አይደለም። ግን ዝርዝሩ ለመግቢያው እንጂ ለንግግሩ አይረዳም። ጸሐፊው ማወቅ ያለበት አድማጮቹ እስካሁን ምን እንደሰሙና ምን እንዳኮረፋቸው ነው። ባለፈው ዓመት ሌላ ኃላፊ መጥቶ ይኸው ጉድጓድ በሦስት ወር ያልቃል ብሏቸው ሄዶ ከሆነ ያንን የማያነሣ ንግግር ከመጀመሪያው ደቂቃ አይታመንም። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ዋናው ቢሮ አይደለም። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወይም የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው፤ አንድ ስልክ ይበቃል።

አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሁልጊዜ ብቸኛው አድማጭ አለመሆኑም መታወስ አለበት። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። ከፊታቸው ከተቀመጡት መልእክተኞች አማርኛ የሚሰማ ማን ነበር? በማን ስም እንደቆሙ ግን ከቋንቋው ከራሱ ይሰማ ነበር። የዛሬው የወረዳ ስብሰባም በስልክ ይቀረጻል፤ ማታውን በሌላ ወረዳ ውሃ የጠፋበት ሰው ያየዋል።

ቋንቋ ከተነሣ ርዝመትን ሌላ ጊዜ ማንም የማያስበው ነገር ይመጣል። ንግግሩ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር የሚተረጎም ከሆነ የተሰጠው አሥር ደቂቃ በእውነቱ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ላይ የሰላምታው ዝርዝር ይቀነሳል። ስለዚህ «ስንት ደቂቃ?» ከሚለው ይልቅ «አስተርጓሚ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ርዝመቱ የበለጠ ይነግራል። የቀረውን ለማወቅ ኃላፊው ከዚህ በፊት ያነበቡትን አንድ ገጽ ከተቀረጸው ድምፅ ጋር አስተያይቶ ሰዓት መያዝ ነው፤ ቶሎ የሚያነቡም አሉ፣ በየነጥቡ ቀና እያሉ ሕዝቡን የሚያዩም አሉ።

ኃላፊው ስልክ ባያነሡስ? ብዙ ጊዜ አያነሡም። እሳቸውም ዝግጅቱ ምን እንደሆነ በቅጡ አልተነገራቸው ይሆናል። መልሱ ያለው አዘጋጁ ዘንድ ነው። መርሐ ግብሩ በአንድ ገጽ የተተየበ ነው፤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላክልኝ ቢባል በደቂቃ ይመጣል። የዝግጅቱ ስም፣ ተራው፣ የተመደበው ደቂቃ ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍሯል። እሱም ከታጣ ለሁሉም የሚሆን ንግግር መጻፍ ትልቁ ስሕተት ነው። ለሁሉም የሚሆን ንግግር መለያው ቀላል ነው፦ «ውሃ» የሚለውን ቃል አውጥቶ «መንገድ» ወይም «ጤና» ቢያስገቡበት ምንም አይጎድልበትም።

ከዚያ የሚሻለው አንዱን አጋጣሚ መርጦ ለእሱ ብቻ አንድ ገጽ መጻፍና ግምቱን ከላይ በግልጽ ማስፈር ነው፦ «ይህ የተዘጋጀው ለምርቃት ነው በሚል ግምት ነው። ውይይት ከሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንቀጽ አይነበቡ፤ እባክዎ ይደውሉልኝ።» ሦስት ጊዜ ተደውሎላቸው ያላነሡ ኃላፊ ይህችን መስመር ሲያዩ ማታ በሦስት ሰዓትም ቢሆን ራሳቸው ይደውላሉ።