ራጁ ምንም አላሳየም ማለት ሩጡ ማለት አይደለም

ለታላቁ ሩጫ ብላችሁ ከዜሮ ተነስታችሁ በየቀኑ አስፋልት ላይ ስትሮጡ በ3ኛው ሳምንት ቅልጥማችሁን አመማችሁ እንበል። መጀመሪያ የአጥንቱን የውስጥ ጠርዝ በጣት እየተጫናችሁ ፈትሹ። ሕመሙ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተዘረጋ አብዛኛውን ጊዜ ሺን ስፕሊንት ነው፤ ሩጫ ሲቀንስ ይሻለዋል።

አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነጥሎ ካመመ፣ በተለይ ተኝታችሁም ከጠዘጠዘ፣ የአጥንት ስንጥቅ ጠርጥሩ። ስንጥቁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ "ራጁ ንጹህ ነው" ተብሎ ወደ ሩጫ መመለስን እኔ አልደግፍም። ሐኪም በድጋሚ እስኪያያችሁ፣ ካስፈለገም ኤምአርአይ እስክትነሱ ሩጫው ይቁም።

በየልምምዱ ተመሳሳይ ሰዓት ላይ እግራችሁን ወጥሮና አደንዝዞ፣ ስትቆሙ በደቂቃዎች የሚለቃችሁ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከአጥንት ሳይሆን ከጡንቻ ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ይባላል። ቆማችሁም ካልለቀቀ፣ ይልቁንም እየባሰ ከሄደ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።