ፊቱ ዶሮ፣ ጀርባው በቆሎ

በውሻ ምግብ ከረጢት ላይ የተሳለው ዶሮ ውስጡ ስላለው ነገር ምንም አይመሰክርም። እውነቱን የምታወጣው ከስሙ ጎን የተቀመጠችው ትንሽ ቃል ናት።

በአሜሪካ አብዛኞቹ ግዛቶች የሚሠሩበት የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር (አፍኮ) ደንብ ቃላቱን በልክ ከፋፍሏቸዋል። “ቺክን ፎር ዶግስ” የሚል ምርት፣ ለማዘጋጃ የተጨመረው ውሃ ሳይቆጠር፣ 95 በመቶው ዶሮ መሆን አለበት። “ቺክን ዲነር” ከተባለ 25 በመቶ ይበቃል። “ዊዝ ቺክን” ከሆነ 3 በመቶ! “ቺክን ፍሌቨር” ደግሞ ጣዕሙ ከታወቀ ያልፋል። ሥዕሉ በአራቱም ላይ አንድ ሊሆን ይችላል። ገዢው ግን ዶሮ ገዛሁ ብሎ ቤቱ ይገባል።

አምራቾች “ምን ደበቅን? ዝርዝሩ ጀርባው ላይ አለ” ይላሉ። አዎ፣ አለ። ሆኖም ግብዓቶቹ የሚደረደሩት ከመቀነባበራቸው በፊት በነበራቸው ክብደት ነው፤ በውስጣቸው ያለው ውሃም አብሮ ይመዘናል። በአንድ ድብልቅ ውስጥ 2 ኪሎ ጥሬ ዶሮ፣ 1.5 ኪሎ የበቆሎ ዱቄትና 1.5 ኪሎ የበቆሎ ግሉተን አለ እንበል። ዝርዝሩ ላይ አንደኛ የሚወጣው ዶሮ ነው። ነገር ግን ከጥሬ ዶሮ 70 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ ሲደርቅ የሚተርፈው 600 ግራም ገደማ ነው። መጀመሪያውኑ ደረቅ የሆነው በቆሎ ሁለቱ ሲደመር ከ2.5 ኪሎ በላይ ይቀራል። በቆሎው በሁለት ስም ስለተጻፈ ብቻ ከዶሮው በታች ወረደ።

“ክሩድ ፕሮቲን” የሚለው ቁጥርም ከዚህ አያድንም። የሚሰላው ከናይትሮጅን መጠን ስለሆነ ፕሮቲኑ ከሥጋ ይምጣ ከስንዴ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2007 ናይትሮጅን የበዛበት ሜላሚን የተባለ ኬሚካል ከስንዴ ግሉተን ጋር ተቀላቅሎ እንደ ፕሮቲን ተቆጠረ። በአሜሪካ የብዙ ውሾችና ድመቶች ኩላሊት ተጎዳ፣ ብዙዎቹም ሞቱ፤ ምርቶቹ ከገበያ ተሰበሰቡ።

በቆሎ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ውሻ የበሰለ እህል ይፈጫል። ድመት ግን ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር በእህል ውስጥ የለም፤ ተለይቶ ካልተጨመረላትና ካጣችው ልቧና ዓይኗ ይጎዳሉ። ስለዚህ ጥያቄው በሥጋ ዋጋ እህል መሸጡ ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከእያንዳንዱ ዋና ግብዓት ጎን በመቶኛ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። አምራቹ ቀመሩን ስለሚያውቅ ቁጥሩ አይጠፋውም። እስከዚያው ገዢው ከረጢቱን ያገላብጥ፤ በተለያየ ስም የተበተነውን አንድ እህል ደምሮ ያንብብ። “ቺክን ሚል” የሚለውንም አይናቅ፤ ውሃው ቀድሞ የወጣለት የተፈጨ ዶሮ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ተጽፎ እንኳ አንደኛ ከተጻፈው ጥሬ ዶሮ የበለጠ ፕሮቲን ሊሰጥ ይችላል።